ልክ የሚመስለው 0.9 አምፔር፦ ትይዩ ሬዚስተሮች እንደ ተከታታይ የተደመሩበት ጉዳይ

ጥያቄው ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ነው። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ እና ሦስት ሬዚስተሮች ያሉበት ሰርኪዩት ተስሏል። ሬዚስተሮቹ 1 ኦም፣ 3 ኦም እና 6 ኦም ናቸው። ተማሪዎቹ እንዲያሰሉ የተጠየቁት ሦስት ነገር ነው፤ ከባትሪው የሚወጣውን ጠቅላላ ከረንት፣ በ3 ኦሙ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት፣ እንዲሁም በ6 ኦሙ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ።

የስሕተቱ ሥር ያለው ስዕሉ ውስጥ ስለሆነ አሣሣሉን በዝርዝር መግለጽ ያስፈልጋል። ባትሪው በግራ በኩል ቆሟል። ከአዎንታዊ ጫፉ የሚነሣው ሽቦ ወደ ላይ ወጥቶ በላይኛው መስመር ወደ ቀኝ ሲሄድ 1 ኦሙን ያቋርጥና "ሀ" የተባለ ነጥብ ላይ ይደርሳል። ከሀ አንድ ሽቦ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ በእርሱ ላይ 3 ኦሙ አለ። ይህ ሽቦ የታችኛውን መስመር የሚነካበት ነጥብ "ለ" ይባላል። ሌላው ሽቦ ደግሞ ከሀ ወደ ቀኝ ይቀጥላል፤ ጥግ ላይ ደርሶ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ከዚያም በታችኛው መስመር ወደ ግራ ሲመለስ 6 ኦሙን አልፎ ለ ላይ ያርፋል። ከለ ወደ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ የሚመለሰው ባዶ ሽቦ ነው።

ልብ ይበሉ፦ 3 ኦሙ የቆመ ነው፤ 6 ኦሙ ደግሞ የተኛ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን አልተሳሉም። እንዲያውም 6 ኦሙ ከ1 ኦሙ ጋር በአንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ዙሪያ ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው ሆን ብሎ ይሁን ወይም የገጹ ቦታ ስላስገደደው አላውቅም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

የአንዲት ተማሪ መልስ እንዲህ ይላል። ጠቅላላ ሬዚስታንስ 1 + 3 + 6 = 10 ኦም። ጠቅላላ ከረንት 9 ÷ 10 = 0.9 አምፔር። በ3 ኦሙ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት 0.9 አምፔር። በ6 ኦሙ ላይ ያለው ቮልቴጅ 0.9 × 6 = 5.4 ቮልት። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ማረጋገጫ ጽፋለች፦ 0.9 + 2.7 + 5.4 = 9 ቮልት፤ ልክ ነው።

ይህችን ተማሪ ለጥናት የመረጥኳት በዚያ የመጨረሻ መስመር ምክንያት ነው። የትይዩን ቀመር የማታውቅ ተማሪ አይደለችም። በዚያው ወረቀት ላይ ከዚህ ጥያቄ በፊት ሁለት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ቆመው የተሳሉበት ጥያቄ ነበር፤ እርሱን በትክክለኛው ቀመር፣ ያለ አንዳች ስሕተት ሠርታዋለች። ግድየለሽም አይደለችም፤ ከክፍሉ ውስጥ መልሷን መልሰው ከሚፈትሹት ጥቂት ልጆች አንዷ ናት። ፈትሻም ስሕተቱን አላገኘችውም። ስለዚህ "ቀመሩን አጥኚ" ወይም "ተጠንቀቂ" ብሎ መመለስ ለእርሷ ምንም አይፈይድም። ሁለቱንም አድርጋለችና።

ታዲያ ማረጋገጫው ለምን አላዳናትም? ቁጥሮቿን አንድ በአንድ ብናይ በመካከላቸው ምንም ግጭት የለም። 10 ኦም በ9 ቮልት 0.9 አምፔር ያሳልፋል፤ ይህ የኦም ሕግ ነው፣ V = IR። ሦስቱ ቮልቴጆች ሲደመሩ የባትሪውን 9 ቮልት ይሰጣሉ። ኃይሉን ብናሰላም አይጋጭም፤ ባትሪው 9 × 0.9 = 8.1 ዋት ይሰጣል፣ ሬዚስተሮቹም 0.81፣ 2.43 እና 4.86 ዋት፣ በድምሩ 8.1 ዋት ይወስዳሉ። ይህ ሁሉ የተስማማው ተማሪዋ የሠራችው አንድ ሰርኪዩትን በትክክል ስለሆነ ነው። የሠራችው ሰርኪዩት ግን ሦስቱ ሬዚስተሮች በአንድ መስመር ተከታትለው የተቀጠሉበት ሌላ ሰርኪዩት ነው። ቁጥርን ከቁጥር ጋር የሚያስተያይ ማረጋገጫ ሁሉ በዚያ በሌላው ሰርኪዩት ውስጥ እየተሽከረከረ ይቀራል። ስሕተቱን የሚያወጣው ከቁጥሩ ወደ ስዕሉ የሚመለስ ማረጋገጫ ብቻ ነው።

የመልሱ መልከ መልካምነትም ሌላ ወጥመድ ነው። 10 ኦም ለማካፈል የሚመች ቁጥር ነው፤ 0.9 ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በ6 ኦሙ ላይ ያለው ትክክለኛ ቮልቴጅ 6 ቮልት ሲሆን እርሷ ያገኘችው 5.4 ነው፤ መልሱን በዓይን ገምግሞ "ይህስ አይመስልም" ለማለት የሚያስችል ርቀት የለም። አስቀያሚ ቁጥር ቢወጣላት ኖሮ ምናልባት ትጠራጠር ነበር።

ወረቀቱን አስቀምጬ ስዕሉን ብቻ ከፊቷ አደረግሁና ከባትሪው የሚወጣውን ከረንት በጣቷ እንድትከተል ጠየቅኋት። ጣቷ 1 ኦሙን አለፈ፣ ሀ ላይ ደረሰ፣ ሳይቆም በቀጥታ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ጥጉን ዞረ፣ 6 ኦሙን አልፎ ወደ ባትሪው ተመለሰ።

"3 ኦሙስ?" አልኳት።

"እርሱም በመንገዱ ላይ አለ፣ መምህር። መሐል ላይ ነው ያለው።"

"ጣትሽ ግን አላለፈበትም።"

ዝም አለች፤ ከዚያም ጣቷን ወደ ሀ መልሳ በ3 ኦሙ በኩል አወረደችው። ለ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከለ ወደ 6 ኦሙ ለመሄድ ወደ ቀኝ መዞር፣ ከዚያም ዙሪያውን ሄዶ እንደገና ሀ ላይ መውጣት ሊኖርባት ነው። በሦስቱም ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አልፎ ወደ ባትሪው የሚመለስ መንገድ የለም። ጣቷ ያገኘው ይህን ነው። ተከታታይ ማለት ደግሞ እንዲህ ያለ አንድ ብቻ መንገድ መኖሩ ነው፤ በአንዱ ውስጥ ያለፈው ከረንት በሙሉ፣ ሳይጎድልና ሳይጨመር፣ በሌላውም ውስጥ ከማለፍ በቀር አማራጭ የሌለው ሲሆን።

ነገር ግን ጣት ብቻ አይበቃም፤ የተወሳሰበ ስዕል ላይ ጣትም ይስታል። ስለዚህ ሦስት ባለ ቀለም እርሳሶች ሰጠኋት። ደንቡ አንድ ነው፦ ከባትሪው አንድ ጫፍ ተነሥተሽ ሽቦውን ቀቢ፤ ሽቦው ቢታጠፍም ቢከፈልም ቀለሙ አይለወጥም፤ ሬዚስተር ወይም ባትሪ ስትደርሺ ብቻ ቁሚ፣ ከወዲያው ማዶ በሌላ ቀለም ጀምሪ። ከአዎንታዊው ጫፍ እስከ 1 ኦሙ ያለው ቀይ ሆነ። ከ1 ኦሙ ማዶ ያለው፣ ማለትም ሀ፣ ወደ 3 ኦሙ የሚወርደው ሽቦ፣ ጥጉን ዞሮ እስከ 6 ኦሙ ቀኝ ጫፍ የሚደርሰው ረጅም ሽቦ፣ ሁሉም ሰማያዊ ሆነ። ከ3 ኦሙ በታች፣ ከ6 ኦሙ በስተግራና እስከ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ ያለው አረንጓዴ።

ከዚህ በኋላ ስዕሉን መመልከት አያስፈልግም፤ የእያንዳንዱን ሬዚስተር ሁለት ጫፎች ቀለም መጻፍ ይበቃል። 1 ኦም፦ ቀይና ሰማያዊ። 3 ኦም፦ ሰማያዊና አረንጓዴ። 6 ኦም፦ ሰማያዊና አረንጓዴ። አንድ ዓይነት ጥንድ ቀለም ያላቸው ሁለት ሬዚስተሮች ትይዩ ናቸው፤ ቢቆሙም፣ ቢተኙም፣ በገጹ ሁለት ዳር ቢራራቁም። በስዕሉ ላይ ያለ ባዶ ሽቦ ሬዚስታንስ እንደሌለው ስለሚቆጠር በአንድ ቀለም ላይ ያሉ ነጥቦች በሙሉ በኤሌክትሪክ ረገድ አንድ ነጥብ ናቸው። ሰማያዊውን ረጅም ሽቦ ወደ አንዲት ጠብታ ብንሰበስበው፣ አረንጓዴውንም እንዲሁ ብናደርገው፣ 3 ኦሙና 6 ኦሙ በሁለት ጠብታዎች መካከል ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።

የእርሷ ቁጥሮች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ያለው ቮልቴጅ በ3 ኦሙ በኩል ስንለካው 2.7 ቮልት፣ በ6 ኦሙ በኩል ስንለካው 5.4 ቮልት ነው ብላለች። በሁለት ነጥቦች መካከል ግን አንድ ቮልቴጅ ብቻ ነው ያለው። በከረንቱም በኩል እንደዚያው ነው። ወደ ሀ የሚገባው 0.9 አምፔር ነው፤ ከሀ የሚወጣው ግን በ3 ኦሙ 0.9፣ በ6 ኦሙ 0.9፣ በድምሩ 1.8 ይሆናል። ኪርኾፍ በ1845 ያስቀመጠው ሕግ ወደ አንድ መገናኛ ነጥብ የሚገባውና የሚወጣው ከረንት እኩል እንዲሆን ያስገድዳል። እነዚህ ሁለት ፍተሻዎች ከስዕሉ ላይ ስለሚነሡ ተሳስቶ የተነበበን ሰርኪዩት ያጋልጣሉ። የቮልቴጆቹ ድምር ግን አያጋልጥም።

ቀለሙን ከቀባች በኋላ ትክክለኛውን ስሌት ወዲያው ሠራችው። 1/3 + 1/6 = 1/2፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድነት 2 ኦም። ካሰላች በኋላ ግን እርሳሷን አስቀምጣ ዋናውን ጥያቄ አነሣች፦

"መምህር፣ ሬዚስተር እየጨመርን ሬዚስታንሱ እንዴት ይቀንሳል? 3 ብቻውን 3 ነው። 6 ጨመርንበት። እንዴት 2 ይሆናል? ቀመሩን እሠራዋለሁ እንጂ አላምነውም።"

ይህን ስለተናገረች አመሰግናታለሁ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ይህንኑ አለማመን ይዘው ዝም ይላሉ፤ ስዕሉ ትንሽ ሲጠመዘዝባቸው ደግሞ የሚያምኑትን ይሠራሉ። የሚያምኑት መደመርን ነው። እርሷም ያደረገችው ይኸው ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሬዚስተሮችን ስታይ ቀመሩ ታወሳት፤ ስዕሉ ያንን ምልክት ሲነሣት ወደምታምነው ተመለሰች። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ የበለጠ ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ጥያቄ ነው።

መልሱ ከኦም ሕግ ውጪ ምንም አይፈልግም። በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል 6 ቮልት አለ እንበል፤ ይህም በትክክለኛው መልስ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ነው። 6 ኦሙ ብቻውን ቢሆን 1 አምፔር ያሳልፋል። አሁን 3 ኦሙን በዚያው ሁለት ነጥብ መካከል እናገናኘው፤ ቮልቴጁም 6 እንደሆነ ይቆይ። 3 ኦሙ 2 አምፔር ያሳልፋል። 6 ኦሙስ? ጫፎቹ ላይ ያለው ቮልቴጅ ስላልተለወጠ 1 አምፔሩን እንዳለ ያሳልፋል፤ ጎረቤት ስለመጣበት የሚያውቀው ነገር የለም። በድምሩ 3 አምፔር አለፈ። በ6 ቮልት 3 አምፔር የሚያሳልፍ ነገር ሬዚስታንሱ ስንት ነው? 6 ÷ 3 = 2 ኦም። ከረንቶቹ ተደመሩ፤ ሬዚስታንስ ደግሞ ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ ወረደ። በቀመሩ ውስጥ የሚደመሩት 1/3 እና 1/6 ሌላ ምሥጢር የላቸውም፤ እያንዳንዱ ሬዚስተር በ1 ቮልት የሚያሳልፈው ከረንት ናቸው። ለዚህም ነው ድምሩን መገልበጥ የማይረሳው፤ 1/2 ተብሎ የሚወጣው ቁጥር ከረንት በቮልት እንጂ ኦም አይደለም።

ከዚህ አንድ ፍተሻ ይወለዳል፤ በእኔ ግምት በፈተና ላይ ከሁሉም ፈጣኑ እርሱ ነው። 6 ኦሙን ከስዕሉ ላይ በጣትሽ ሸፍኚው። የሚቀረው 1 እና 3 ኦም በተከታታይ ነው፤ 4 ኦም፣ 2.25 አምፔር። አሁን ጣትሽን አንሺ። 6 ኦሙ ለከረንቱ ተጨማሪ መንገድ እንጂ እንቅፋት ስላልሆነ ጠቅላላው ከ2.25 ሊበልጥ ይገባል። 0.9 ከዚህ በታች ነው፤ ስለዚህ ሌላ ምንም ሳይሰላ መልሱ ውድቅ ነው። የትይዩ ድምር ምንጊዜም ከሁለቱ ከትንሹ ያንሳል የሚለውም ደንብ ከዚሁ የመጣ ነው።

ሙሉ መፍትሔው አጭር ነው። ትይዩዎቹ 2 ኦም፣ ከ1 ኦሙ ጋር በተከታታይ 3 ኦም። ጠቅላላ ከረንት 9 ÷ 3 = 3 አምፔር። በ1 ኦሙ ላይ 3 ቮልት ይቀራል፤ ለትይዩዎቹ የሚተርፈው 6 ቮልት ነው። በ3 ኦሙ 2 አምፔር፣ በ6 ኦሙ 1 አምፔር። ሀ ላይ 3 ይገባል፣ 2 እና 1 ይወጣል። ኃይሉም 9፣ 12 እና 6 ዋት፣ በድምሩ 27 ዋት ነው፤ የባትሪውም 9 × 3 = 27።

ከዚሁ ክፍል ሌላ ሁለት ወረቀቶች ላይ ደግሞ የስሕተቱ ሌላ መልክ ታይቷል፤ በአጭሩ ላንሣው። 10 ኦምና 0.9 አምፔር ካገኙ በኋላ ለትይዩዎቹ 9 ኦም × 0.9 = 8.1 ቮልት ሰጡ፤ ከዚያም ትይዩ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው 8.1ን ለ3 እና ለ6 አካፈሉ። 2.7 እና 1.35 አምፔር ወጣ። ድምሩ 4.05 ነው፤ ከባትሪው ወጣ ያሉት ግን 0.9። እዚህ ላይ መገናኛ ነጥቡን መፈተሽ ብቻ ስሕተቱን ያወጣዋል።

ተማሪዋ አለማመኗን በወረቀት ላይ ብቻ እንድትተው ስላልፈለግሁ ወደ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ሄድን። የጥያቄውን ቁጥሮች እንዳሉ መጠቀም አይቻልም። 3 አምፔር በተራ ትንሽ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አይገኝም፤ 12 ዋትም ሩብ ዋት የሚችለውን ሬዚስተር ያቃጥለዋል። ስለዚህ በመቶ እጥፍ ገደማ አሳድገን ወሰድን፤ 100፣ 330 እና 680 ኦም። ኃይል ሰጪው ተቋርጦ እያለ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋ 330ውን ለካች፤ 328 አሳየ። የመልቲሜትሩን ጫፎች ከቦታቸው ሳታነሣ 680ውን እንድታገናኝ ከመፍቀዴ በፊት ግምቷን ጠየቅኋት።

"አሁንማ እንደሚቀንስ አውቃለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ግን እርግጠኛ አልነበረም።

680ው ሲነካ ንባቡ 221 ላይ ወረደ። አነሣችው፤ 328። መለሰችው፤ 221። ይህን ደጋግማ አደረገችው፤ እኔም አላስቆምኳትም። ከዚያ 100 ኦሙን ቀጥለን 9 ቮልት ሰጠንና ጠቅላላውን ከረንት ለካን። 680ው ሳይኖር 21 ሚሊ አምፔር፣ ሲገናኝ 28 ሚሊ አምፔር። ሦስቱ ቢደመሩ ኖሮ 1110 ኦም፣ ማለትም 8 ሚሊ አምፔር ገደማ መነበብ ነበረበት። ሬዚስተሮቹ የ5 በመቶ መዛነፍ የሚፈቀድላቸው ናቸው፤ 8ን ከ28 የሚያደርስ መዛነፍ ግን የለም።

ቀጥሎ የሰጠኋት ጥያቄ ስሕተቱን ከተቃራኒው አቅጣጫ የሚፈትን ነው፤ ሁለት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ቆመው፣ ከላይ ብቻ በሽቦ ተያይዘው፣ ከታች ጫፎቻቸው ለየብቻ ወደ ባትሪው የሚሄዱበት። ለዓይን ትይዩ ይመስላሉ። ቀባቻቸው፤ የአንዱ ጥንድ ቀይና ሰማያዊ፣ የሌላው ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነ። የጋራቸው ሰማያዊ ብቻ ነው፤ በሰማያዊው ላይም ሌላ የተገናኘ ነገር የለም። ተከታታይ ብላ ደመረቻቸው፤ ልክ ናት። የ"ሌላ ነገር የለም" ቅድመ ሁኔታ ግን መዘለል የለበትም። በመጀመሪያው ጥያቄ 1 ኦሙና 3 ኦሙም ሰማያዊን ይጋራሉ፤ 6 ኦሙ ግን እዚያው ሰማያዊ ላይ ስለሚገናኝ ተከታታይ አይደሉም።

ሌላው ጥያቄ ባዶ ሽቦ በአንድ ሬዚስተር ላይ ተሻግሮ የተገናኘበት ነበር። ሁለቱ ጫፎች አንድ ቀለም ሆኑባትና ግራ ገባት። ትንሽ ቆይታ "በአንድ ነጥብና በራሱ መካከል ቮልቴጅ ሊኖር አይችልም" አለች፤ በሬዚስተሩ ውስጥ የሚያልፈውንም ከረንት ዜሮ ብላ ጻፈች።

የመጨረሻው ላይ አምስት ሬዚስተሮች ነበሩ፤ አራቱ እንደ አልማዝ ቅርጽ ዙሪያውን ይዘው አምስተኛው መሐሉን እንደ ድልድይ የሚያገናኝበት። አራት ቀለም ወጣ፤ አንድ ዓይነት ጥንድ ያላቸው ሁለት ሬዚስተሮች አልተገኙም፤ ሌላ ነገር ሳይገናኝበት ሁለት ሬዚስተሮች ብቻ የሚጋሩት ቀለምም የለም። እንዲህ ያለው ሰርኪዩት በመደመርም ሆነ በትይዩ ቀመር አይጠቃለልም፤ ለእያንዳንዱ መገናኛ ነጥብ የኪርኾፍን እኩልታ መጻፍ ይጠይቃል። ይህንን ገና አልተማሩም። ተማሪዋ ቀለሞቹን ከሬዚስተሮቹ ሥር ጻፈች፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ምንም ሳትደምር "ተከታታይም ትይዩም የለም" ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።